ለአንድ ቀጠሮ አራት መቶ ብር

አንዳንድ ሕፃናት አንድ እግራቸው ወይም ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞሮ ይወለዳሉ። ሐኪሞች ቆልማማ እግር ይሉታል። ካልታከመ ልጁ ሲያድግ የሚረግጠው በውስጥ እግሩ ሳይሆን በጠርዙ ወይም በላይኛው ገጹ ይሆናል፤ ጫማ አይገባለትም፣ መንገድ በሄደ ቁጥር ያመዋል። ሕክምናው ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የስፔን ተወላጁ ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ዘዴ በእጅና በጀሶ የሚሠራ ነው። ሐኪሙ የሕፃኑን እግር ቀስ አድርጎ ያቀናል፤ በደረሰበት ልክ በጀሶ ያስረዋል፤ በሳምንቱ ይፈታና ትንሽ ደግሞ ያቀናል። ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጀሶ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅና የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በመጨረሻም ሁለት ትንንሽ ጫማዎች በብረት የተያያዙበት ማሰሪያ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሲተኛ ብቻ ይደረጋል።

ይህን ሕክምና ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። ነጻው ሕክምና የማይሸፍነው መንገዱን ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ትልቅ ከተማ በየሳምንቱ ሕፃን አዝሎ መመላለስ፣ ያውም ገና አራስነቷን ላልጨረሰች እናት፣ ከሕክምናው ይከብዳል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ መሳፈሪያው ያልቃል፤ ቀጠሮው ያልፋል፤ በግማሽ የቀና እግር ተመልሶ መዞር ይጀምራል።

አሁን አንድ ትንሽ ማኅበር እናስብ። ማኅበሩ ለማስረዳት ያህል የፈጠርኩት ነው፤ ሥራው ግን በእውን ያለ ችግርን የሚነካ ነው። ሁለት ሠራተኞችና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አሉት። ለእነዚህ እናቶች የደርሶ መልስ መሳፈሪያ ይከፍላል፣ ሌላ ሥራ የለውም። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ «ሠላሳ ሰከንድ በነጻ እንሰጣችኋለን፣ የምትሉትን አምጡ» ብሎታል። የማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ረቂቅ ይጽፋሉ። በሬዲዮ የበጎ አድራጎት ማስታወቂያ የሚሰማ ሁሉ ዜማውን ያውቀዋል፦

«በሀገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ከቆልማማ እግር ጋር ይወለዳሉ። ማኅበራችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ለነዚህ ወገኖች ሁለንተናዊ ድጋፍ በመስጠት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በትራንስፖርት፣ በመጠለያ፣ በምግብና በግንዛቤ ማስጨበጫ ዘርፎች በርካታ ተግባራትን አከናውኗል። እነዚህን ሕፃናት ከመከራ ለመታደግ የእርስዎ እጅ ያስፈልጋል። በባንክ፣ በቴሌብር፣ በዓይነት፣ በጉልበትና በሐሳብ አቅምዎ የፈቀደውን ይለግሱ። ለበለጠ መረጃ ይደውሉ። አብረን ተስፋ እንሁን!»

ይህን የጻፉት ሰዎች ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ደክመዋል፣ ሥራቸውን ይወዳሉ፣ የሠሩት ሁሉ እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ። ነገር ግን ሰምቶ ስልኩን የሚያነሣ ሰው አያገኙም። ለምን እንደማያገኙ አንድ በአንድ ላሳይ።

መጀመሪያ ጊዜው አይበቃም። ረቂቁ 51 ቃል ብቻ ስለሆነ አጭር ይመስላል። የአማርኛ ቃል ግን ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ መስተዋድዱን ሁሉ በአንድ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ «ከተመሠረተበት» አንድ ቃል ነው፣ ስምንት ፊደል አለው። ስለዚህ ለሬዲዮ የሚጽፍ ሰው ቃል ከሚቆጥር ፊደል ቢቆጥር ይሻለዋል። በተረጋጋ ድምፅ የሚያነብ ሰው በሰከንድ ከስድስት ፊደል ብዙ አይርቅም፤ በሠላሳ ሰከንድ 180 ፊደል ገደማ ማለት ነው። ረቂቁ 228 ፊደል ነው። ወደ 38 ሰከንድ ይፈጃል፣ ያውም የማኅበሩ ስምና የሚከፈልበት ቁጥር ሳይነገር። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ሲያጋጥም አንባቢው ያፋጥናል፤ ሲፋጠን ደግሞ ልመናው የዕቃ ማስታወቂያ ይመስላል።

ቁጥሩ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አኃዞች ስማቸው በአማካይ ሦስት ፊደል ስለሚሆን፣ አንድ የሂሳብ ቁጥር አንድ ጊዜ ማንበብ 40 ፊደል ያህል ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ካልተነበበ ማንም አይይዘውም፤ ሁለት ጊዜ ከተነበበ ከሠላሳው ሰከንድ አሥራ ሦስቱ አለቁ። ያም ሆኖ ሚኒባስ ውስጥ የቆመ ሰው፣ መሪ የጨበጠ ሹፌር ወይም ሊጥ እያቦካች ያለች እናት 13 አኃዝ አትጽፍም። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ መዋጮ ይላክበት የነበረውን 8100 ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በቃሉ ያውቀዋል፤ አራት አኃዝ በመሆኑ ነው። ትንሽ ማኅበር አጭር ቁጥር ማግኘት ከቻለ እሱን ብቻ ይያዝ፣ የባንክ ሂሳቡን ከሬዲዮው ያውጣ። የባንክ ቁጥር በወረቀት ላይ ያምራል፣ በጆሮ ግን አይያዝም።

ሁለተኛው ችግር «በሺዎች የሚቆጠሩ» የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ያስገባው ችግሩ ትልቅ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ የሚያመጣው ውጤት ግን ተቃራኒ ነው። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራ አለ። በአሜሪካ ለተሳታፊዎች አምስት አምስት ዶላር ተሰጣቸውና ከዚያ ላይ ለተራቡ ሰዎች እንዲለግሱ ተጠየቁ። አንደኛው ቡድን ሮኪያ ስለምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ብቻ አነበበ። ሌላው ቡድን በአፍሪካ ስንት ሚሊዮን ሰው እንደተራበ የሚገልጹ ቁጥሮችን አነበበ። ስለ ሮኪያ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ፤ ቁጥሮቹን ያነበቡት 1.14 ዶላር። ለጸሐፊ ትልቁ ትምህርት ያለው በሦስተኛው ቡድን ላይ ነው። እነዚህ ሮኪያንም ቁጥሮቹንም አብረው አነበቡ፤ የሰጡት 1.43 ዶላር ነበር። ቁጥሩ የልጅቷን ታሪክ አላጠናከረውም፣ ቀነሰው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሲባል ሰሚው የራሱ አራት መቶ ብር ባሕር ውስጥ የገባ ጠብታ ሆኖ ይሰማዋል፤ የአንዲት ልጅ ነገር ሲነገረው ግን ብሩ የት እንደሚደርስ ያየዋል። ሙከራው የተደረገው በአሜሪካ ነው፣ የእኛን አገር ሰሚ ልክ በዚያው መጠን ይገልጻል አልልም። ነገር ግን የዕድር ሊቀመንበርም፣ የሰፈር ሽማግሌም ቢሆን «የእገሌ ልጅ ታመመች» ሲባል የሚወጣው ገንዘብና «ችግረኞችን እንርዳ» ሲባል የሚወጣው አንድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ጥያቄው ነው። ረቂቁ ሰሚውን ምን አድርግ ይለዋል? በባንክ ላክ፣ በቴሌብር ላክ፣ ዕቃ አምጣ፣ መጥተህ አግዝ፣ ሐሳብ ስጥ፣ ደውል። ስድስት ነገር ነው። ስድስት ነገር የተጠየቀ ሰው በኋላ አስብበታለሁ ይላል፤ ማስታወቂያው ሲያልቅ ዘፈን ይከፈታል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ማኅበሩ ዕቃና ጉልበት የሚያስፈልገው ቢሆን እንኳ ያ በሌላ ሠላሳ ሰከንድ ይጠየቃል። አንድ ማስታወቂያ አንድ ነገር ይጠይቅ።

«አቅምዎ የፈቀደውን» የሚለው አነጋገር ጨዋነት አለው፣ ከልምዳችንም የመጣ ነው፤ የሰጪውን ኪስ ማስጨነቅ ነውር ስለሆነ። ግን ሰሚው ላይ ሥራ ይጭናል። ስንት ልስጥ? ሃምሳ ያሳፍራል? አምስት መቶ ይበዛል? ይህን ሲያሰላ ጊዜው ያልፋል። ትንሽ መጠን ተገቢ መሆኑን በግልጽ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ሮበርት ቺያልዲኒና ዴቪድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ቤት ለቤት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች «አንድ ሳንቲም እንኳ ይረዳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጨምሩ የሚሰጠው ሰው ከ29 ከመቶ ገደማ ወደ 50 ከመቶ ከፍ አለ። ትንሽም ቢሆን ይበቃል መባሉ ሰሚውን ከሐፍረት ገላገለው። ለሠላሳ ሰከንድ ግን ከዚህም የሚቀልል መንገድ አለ፤ ገንዘቡን ከአንድ ሙሉ ነገር ጋር ማሰር። የዕድር መዋጮ ማንንም የማያከራክረው መጠኑ የታወቀ፣ የሚውልበትም የታወቀ ስለሆነ ነው። «ለአንድ ቀጠሮ አራት መቶ ብር» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ሰሚው አያሰላም፣ ይልካል ወይም አይልክም። መቶ ብር ብቻ ያለው ሰውም የቀጠሮውን ሩብ እንደከፈለ ይገባዋል።

አራት መቶ ብር የምትለዋ ቁጥር ከየት መጣች? ለምሳሌ ያህል የወሰድኳት ናት፤ እውነተኛ ማኅበር ግን ከደረሰኝ ማውጣት አለበት። ያለፉትን ወራት የመሳፈሪያ ወጪ ይደምራል፣ ለተሸፈኑት ቀጠሮዎች ያካፍላል። ከቅርብ ወረዳ የምትመጣ እናት ሁለት መቶ ብር ይበቃታል፤ ሁለት መኪና ቀይራ የምትመጣዋ ስድስት መቶ ታወጣለች። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር «በአማካይ አራት መቶ ብር» ነው። «በአማካይ» አምስት ፊደል ናት፣ ከአንድ ሰከንድ በታች ትወስዳለች። ብዙ ጸሐፊዎች ጊዜ ለማትረፍ መጀመሪያ የሚሰርዙት እሷን ነው። እኔ ግን አልሰርዛትም፤ አንድ ሰሚ ነገ ከነዚህ እናቶች አንዷን አግኝቶ «እኔ የከፈልኩት ሁለት መቶ ነው» ብትለው፣ ማኅበሩን ከሐሜት የምትጠብቀው ያቺ ቃል ናት።

እውነተኛነት የሚፈተንበት ዋናው ቦታ ደግሞ ገንዘቡ ምን ይሠራል የሚለው ነው። «በአራት መቶ ብር የአንዲት ልጅ እግር ይቀናል» ማለት ይቻል ነበር። ይጥማል፣ አጭርም ነው፣ ውሸት ግን ነው። እግሩን የሚያቀናው የሆስፒታሉ ጀሶና የሐኪሙ እጅ ነው፤ ያውም በአንድ ቀጠሮ አይደለም። አራት መቶ ብር የሚያደርገው አንዲትን እናት ከልጇ ጋር አንድ ጊዜ ወስዶ መመለስ ነው። ማኅበሩ ይህን ያህል ብቻ መናገር አለበት። ሰዎች ይህ ነገሩን ያሳንሰዋል ብለው ይፈራሉ። እኔ እንደማየው አያሳንሰውም፤ ሰሚው የሚያምነው የሚያህለውን ነው። በአራት መቶ ብር ሙሉ ሰው ይድናል የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ ሁሉም በልቡ አንድ ነገር ይቀንሳል።

በዚሁ ላይ «መቶ በመቶው ለተረጂዎች ይውላል» የሚለው አነጋገር አለ። የማኅበሩ ሁለት ሠራተኞች ደመወዝ አላቸው፤ ስልክና ወረቀትም ይገዛል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ራሱ ድርጅቶች እስከ 20 ከመቶ ለአስተዳደር ወጪ እንዲያውሉ ይፈቅዳል። የአስተዳደሩን ወጪ ሌላ ለጋሽ ከሸፈነ ይህን መናገር ይቻላል፤ ካልሸፈነ ግን አራት መቶው ሲሰላ ያ ወጪ ተጨምሮበት ይሰላ፣ «መቶ በመቶ» የምትለዋም ትቅር። ከሚያስፈልገው በላይ ገንዘብ ቢመጣስ? ማኅበሩ ትርፉን ለማሰሪያ ጫማዎቹ ወይም ለሌሎች እናቶች መሳፈሪያ እንደሚያውለው ከመተላለፉ በፊት ይወስን፣ ለሚጠይቅም ይናገር። ለመሳፈሪያ ብሎ ሰብስቦ ኮምፒዩተር መግዛት፣ ኮምፒዩተሩ ቢያስፈልግም እንኳ፣ የተሰጠን ቃል ማጠፍ ነው።

አሁን ወደ አንድ የእኛው አገር ችግር እንምጣ። በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ገንዘቤን ተሰርቄ መሳፈሪያ ጎደለኝ» የሚል ልመና ሰምቷል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ያንኑ ሰውዬ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ እዚያው ልመና ላይ አግኝቶታል። ስለዚህ «መሳፈሪያ» የምትለዋ ቃል ስትሰማ የሰሚው እጅ ወደ ኪሱ ከመሄዱ በፊት ጥርጣሬው ይነቃል። ማኅበሩ ቃሏን ሊሸሻት አይችልም፣ ሥራው እሱ ነውና። ማድረግ ያለበት ጥርጣሬው ለሚያነሣው ጥያቄ እዚያው መልስ መስጠት ነው፤ ገንዘቡን ማን፣ የት፣ ምን አይቶ ይሰጣል? «የቀጠሮ ካርድ አይተን ሆስፒታሉ በር ላይ እንሰጣለን።» ይህ ዐረፍተ ነገር «ተአማኒነት ያለው ሕጋዊ ድርጅት ነን» ከሚለው ይበልጣል። ሕጋዊነት ማንም ለራሱ ሊናገረው ይችላል፤ የቀጠሮ ካርዱ ግን ሰሚው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው፣ ሊያጣራውም የሚችል ነገር ነው።

ከዚያ ድምፁ የማን ይሁን? እኔ እናቲቱ ራሷ ብትናገር እመርጣለሁ። የሬዲዮ አንባቢ የሌላ ሰው ችግር በለሰለሰ ድምፅ ሲያነብና ከኋላው ዋሽንት ሲነፋ፣ ሰሚው ሊያለቅስ እንደተጠራ ይገባዋል፣ ይጠነቀቃልም። እናቲቱ ግን የምትናገረው እንዲሁ እንዳለው ነው፤ አብዛኞቹ እናቶች ይህን ሲናገሩ አያለቅሱም፣ ለሐኪም እንደሚናገሩ በቀጥታ ይናገራሉ። ሙዚቃ አያስፈልገውም። ከጀርባዋ የመቆያ ክፍሉ ጫጫታና የሕፃናት ድምፅ ቢሰማ እሱ ይበቃል።

ይህን ስል ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳላት እያሰብኩ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን ፊልም ይዞ የኮረምን ረኃብ ለዓለም አሳየ። ባንድ ኤይድ ተከተለ፣ በ1985 ሐምሌ ደግሞ ላይቭ ኤይድ። ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ነፍስም ተረፈ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስም ያልተጠየቁ፣ ይቅረጹን ወይስ አይቅረጹን ያልተባሉ የትግራይና የወሎ ሕፃናት ፊት ለአሥርት ዓመታት የአንድ አገር መታወቂያ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ኅብረት ስለ ሥዕልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ እስከ ማውጣት የደረሰው እንዲህ ያለው ሥዕል ባስነሣው ክርክር ነው። በውጭ አገር ያደገ የሀበሻ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ረኃብ ሲቀለድበት ያሳለፈውን ያወቀ ሰው፣ ገንዘብ ያመጣ ሥዕል ሁሉ ጥሩ ነው አይልም።

ሬዲዮ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፣ ፊት አያሳይም። ያም ሆኖ ድምፅም ይታወቃል፤ የመንደሯ ሰው ሬዲዮ ይሰማል። ስለዚህ እናቲቱ ከመቀረጿ በፊት ድምፅዋ በሬዲዮ እንደሚተላለፍ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚተላለፍ፣ እንቢ ብትል የልጇ ሕክምናም መሳፈሪያዋም እንደማይቀር በግልጽ ይነገራት። ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። ብር የሚሰጣት ሰው ፈቃድ ሲጠይቃት እንቢ ለማለት አቅም የላትም። ስለዚህ ፈቃዱን የሚጠይቃት መሳፈሪያ ከሚሰጠው ሰው ሌላ፣ ምናልባት የሆስፒታሉ ነርስ፣ ቢሆን ይሻላል። የተቀረጸውን ታዳምጥ። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ስትመጣ ደግሞ እንደገና ትጠየቅ፤ በሳምንት ውስጥ ከባሏና ከእናቷ ጋር ተነጋግራ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። የልጅቱ ስም አይነገር። ስም ሳይነገር አንዲት እናት መሆኗ ከድምፅዋ ይታወቃል፤ የሮኪያ ሙከራ ያሳየውም ሰው አንድን ሰው ሲያስብ እጁ እንደሚፈታ ነው፣ ለዚህ ደግሞ የተወለደችበት ቀበሌ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተጨምቆ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

እናት፦ «ልጄ እግሯ ዞሮ ነው የተወለደችው። ሕክምናው በነጻ ነው። መሳፈሪያው ነው ያቃተኝ።»

አንባቢ፦ «ጀሶዋ በየሳምንቱ ይቀየራል። ለእናትና ለልጅ ደርሶ መልስ በአማካይ አራት መቶ ብር ነው። የቀጠሮ ካርድ አይተን ሆስፒታሉ በር ላይ እንሰጣለን። ለአንድ ቀጠሮ አራት መቶ ብር በቴሌብር ይላኩ።»

ከዚያ የማኅበሩ ስምና አጭሩ ቁጥር፣ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ። ጽሑፉ 37 ቃል፣ 128 ፊደል ነው። ስሙና ሁለቴ የሚነበበው ቁጥር 40 ፊደል ያህል ቢወስዱ 168 ይሆናል፤ 28 ሰከንድ። የቀሩት ሁለት ሰከንዶች ዝምታ ናቸው፤ አንዱ እናቲቱ «ያቃተኝ» ካለች በኋላ፣ ሌላው በሁለቱ የቁጥር ንባቦች መካከል። ጣቢያው ዝምታውን በሙዚቃ ልሙላው ካለ ማኅበሩ እንቢ ይበል። እናቲቱ በቀረጻው ላይ «መሳፈሪያው ነው ያቃተኝ» ካላለችና በራሷ መንገድ ከተናገረች ደግሞ የእሷ አነጋገር ይጸናል፤ የተጻፈላትን እንድታነብ ማድረግ ድምፅዋን መውሰድ ነው። የእሷ ቃል ረዝሞ ከተገኘ የሚያጥረው የአንባቢው ክፍል ነው።

አንባቢው «ይላኩ» የሚለው ሆነ ተብሎ ነው። «ላኩ» ቢል ለሕዝብ የተናገረ ይሆናል፤ ሕዝብ ሲጠራ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይልካል ብሎ ይቀመጣል። «ይላኩ» አንድን ሰው በአክብሮት ይጠራል፣ ወንድ ይሁን ሴት መለየትም አያስፈልገውም። እስከ መጨረሻው በዚሁ ይሂድ፤ መሐል ላይ «እናንተ» ከገባ ሰሚው ከብዙዎች አንዱ ሆኖ ይመለሳል። «ለእግዚአብሔር ብለው» ወይም «ስለ ማርያም» የሚለውን የተውኩትም በሐሳብ ነው። የሬዲዮው ሰሚ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን በእግዚአብሔር ስም የተለመነ ሰው እንቢ ለማለት ይፈራል፤ በፍርሃት የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አይደገምም።

ማስታወቂያው ከመተላለፉ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ይለፍ። ስለ ማኅበሩ ምንም የማያውቁ ሦስት ሰዎች ሌላ ነገር እየሠሩ፣ ቡና እያፈሉ ወይም ልብስ እያጠፉ፣ አንድ ጊዜ ይስሙት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስት ነገር ይጠየቁ፤ ስንት ብር ተባለ፣ ለምን፣ በየትኛው ቁጥር? «ሕፃናትን እርዱ ነው የሚለው» የሚል መልስ ከመጣ ጥያቄው አልተሰማም። «ለሕክምና ነው» ከተባለ ይባስ፣ ሰሚው የማኅበሩን ሥራ ከሆስፒታሉ ሥራ ጋር ቀላቅሏል፤ «በነጻ ነው» የሚለው በቂ ጊዜ አላገኘም ማለት ነውና እዚያ ላይ ይዘግይ። ቁጥሩ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ችግሩ የጽሑፉ አይደለም፣ የአነባበቡ ነው።

ከተላለፈ በኋላ ደግሞ የሚመጣው ገንዘብ ራሱ ይናገራል። አብዛኛው ገቢ 400፣ 800 ወይም 1200 ከሆነ ሰዎች ጥያቄውን ሰምተው በቀጠሮ ቆጥረው ልከዋል። የተበታተነ ከሆነ፣ 30 እና 75 እና 250፣ ማስታወቂያው አዘኔታ ቀሰቀሰ እንጂ ጥያቄው አልደረሰም። እነዚህን ሁለቱን መለየት ለሚቀጥለው ቅጂ ከጠቅላላው ድምር የበለጠ ይጠቅማል።

ትንሽ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛውን ሠላሳ ሰከንድ ነው። ጣቢያው ሌላ ጊዜ ሲሰጥ ማኅበሩ እንደገና ለመለመን ይቸኩላል። እኔ ግን ያንን ጊዜ ለሪፖርት ባደርገው እመርጣለሁ፤ ስንት ሰው ላከ፣ ስንት ቀጠሮ ተሸፈነ፣ ስንት እናት መሳፈሪያ ተዘጋጅቶላት ሳትመጣ ቀረች። የመጨረሻዋን ቁጥር ማስገባት ለብዙዎች ይከብዳቸዋል። መንገድ ስለተዘጋ፣ ሌላ ልጅ ስለታመመ፣ ወይም የእህል አጨዳ ስለደረሰ የማትመጣ እናት ሁልጊዜ አለች፤ የእሷ አራት መቶ ብር ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮዋ መቀመጡን መናገር ይቻላል። ከዚያ በኋላ፣ ጊዜው ከተረፈ፣ አጭሩ ቁጥር አንድ ጊዜ ይነበባል።